«ነይ፣ ነይ፣ ነይ… በቃ!»፦ ወደ ኋላ ስንነዳ የማናያት ሦስት ሜትር

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የታላቅ ወንድሜን ቪትዝ ይዤ ከግቢያችን እየወጣሁ ነበር። መጀመሪያ የግቢውን በር ከፈትኩ፤ ውጭ ማንም አልነበረም። ተመልሼ መኪናው ውስጥ ገባሁ፣ ስልኬን ቻርጀር ላይ ሰካሁ፣ ዘፈን መረጥኩ፣ ቀበቶዬን አሰርኩ። ስፖኪዮ አየሁ፤ ባዶ ነው። የኋላ ማርሽ አስገባሁና ፍሪሲዮኑን ለቀቅ አደረግኩ።

መኪናው አንድ እርምጃ ያህል እንደሄደ ከበሩ ማዶ ጉሊት የምትሸጠው እናት ጮኸች፦ «ቁሚ! ቁሚ! ልጅ! ልጅ!»

ፍሬኑን ረገጥኩ። መኪናው ተንገጭግጮ ጠፋ። ወርጄ ሳይ የጎረቤታችን ልጅ፣ ሦስት ዓመት የማይሞላው፣ ከኋላ ፓራውልቱ አንድ ክንድ እንኳ በማይሞላ ርቀት ቁጢጥ ብሎ ኳሱን እያነሳ ነው። ቀና ብሎ አየኝ፣ ኳሱን ይዞ ሮጠ። በቃ፣ ይኼው ነው። ምንም አልሆነም። እኔ ግን ለአንድ ሰዓት ያህል እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ግርግሩን ሰምተው ጋቢያቸውን እንደለበሱ የወጡት ጎረቤታችን ጋሼ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሚኒባስ ሲነዱ ኖረው አሁን ጡረታ ላይ ናቸው።

«ስፖኪዮ አይተሻል፣ ልጄ?» አሉኝ።

«አይቻለሁ ጋሼ። ሁለቱንም አየሁ። ምንም አልነበረም።»

«አልነበረም አትበይ። አልታየኝም በይ። ሁለቱ ይለያያል።»

ይቺን «አልነበረም» እና «አልታየኝም» የምትለዋን ልዩነት ይዤ ነው ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት። መንጃ ፈቃድ ስናወጣ ዞሮ መመለስና ወደ ኋላ መንዳት የሚከለከልባቸውን ቦታዎች እንደ ታሪክ ፈተና በቃላችን ሸምድደን ነው ያለፍነው። ፈተናው ሲያልፍ ዝርዝሩም ይረሳል። ዝርዝሩ ግን አንድ ጥያቄ ነው ደጋግሞ የሚጠይቀው፦ እኔ የሚመጣውን፣ የሚመጣውም እኔን፣ በጊዜ ማየት እንችላለን ወይ?

በወንበርና በጀሪካን የተሠራ ሙከራ

የዚያኑ ዕለት ማታ ጋሼ አንድ ነገር አሳዩኝ። እናንተም ቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። መኪናው ቆሟል፣ ሞተሩ ጠፍቷል፣ የእጅ ፍሬን ተይዟል። እኔ መሪው ጋ ተቀመጥኩ። እሳቸው ቁመቱ የትንሽ ልጅ ያህል የሆነ የፕላስቲክ ወንበር (መደገፊያው ከመሬት 80 ሳንቲሜትር ገደማ ነው) ከኋላ ፓራውልቱ ጋር አስጠግተው አቆሙ።

«ይታይሻል?»

አይታየኝም። ዞሬ በኋላ መስታወት አየሁ፣ ወደ ውስጥ ስፖኪዮውም አየሁ፤ የለም። ወንበሩን ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ወሰዱት። የመደገፊያው ጫፍ መጀመሪያ ብቅ ያለችው ወደ ሦስት ሜትር ሲርቅ ነው። ከዚያ ወንበሩን በሃያ ሊትር ጀሪካን ቀየሩት፤ እሱ ደግሞ ቁጢጥ ያለ ልጅ ያህል ነው። ጀሪካኑ እስኪታየኝ ድረስ ከስድስት ሜትር በላይ ወሰዱት።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የኋላ መስታወት የታችኛው ጫፍ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ዓይናችን ከዚያ ብዙም ከፍ አይልም። ስለዚህ እይታችን በመስታወቱ ጫፍ ላይ አልፎ ወደ መሬት የሚወርደው በጣም ቀስ ብሎ ነው። ከዚያ መስመር በታች ያለው ሁሉ ለእኛ የለም። መኪናው ከፍ ሲል፣ ፒክአፕ ወይም ረጅም የቤት መኪና ሲሆን፣ የማይታየው ቦታ ይረዝማል። የጎን ስፖኪዮዎቹም አይረዱም፤ እነሱ የሚያሳዩት የመኪናውን ጎንና ጎን እንጂ በቀጥታ ከጀርባው ያለውን አይደለም።

ካሜራ ያለው መኪና የምትነዱ «እኔን አይመለከትም» ትሉ ይሆናል። ካሜራው ያቺን ሦስት ሜትር በእርግጥ ያሳያል፤ ለዚህ ጥሩ ነው። ግን ሁለት ነገር አስታውሱ። ሌንሱ ሰፊ ስለሆነ ነገሮችን ካሉበት አርቆ ነው የሚያሳየው። በክረምት ደግሞ ጭቃ ይሸፍነዋል። ከሁሉ በላይ ከጎን እየሮጠ የሚመጣን ልጅ ወይም ባጃጅ የሚያሳያችሁ ስክሪኑ ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው፤ ያኔ ደግሞ ዘግይቷል።

የተከለከሉት ቦታዎች ምን ያመሳስላቸዋል?

አሁን ያንን የተሸመደደ ዝርዝር እናምጣው። ዞሮ መመለስ የማይቻለው ኩርባ ላይ፣ የዳገት አናት ላይ፣ ድልድይ ላይ፣ ዋሻ ውስጥ፣ የእግረኛ ማቋረጫ ላይ፣ የባቡር ሐዲድ ማቋረጫ ላይ ነው። መሐል ላይ ያልተቆራረጠ መስመር ካለ አይቻልም። በቀይ ክብ ውስጥ የታጠፈ ቀስት ተሥሎ ሰያፍ ቀይ መስመር ያለበት ምልክት ካለም አይቻልም። ወደ ኋላ መንዳትም በእነዚሁ ቦታዎች፣ በመስቀለኛ መንገድና በፈጣን መንገድ ላይ አይቻልም። በአንድ አቅጣጫ መንገድ ላይ «ፊቴ ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ነው» ብሎ ወደ ኋላ መጓዝም ያው በተቃራኒ መንዳት ነው።

የዳገቱን አናት እንውሰድ። ከእንጦጦ ቁልቁል እንደሚወርዱት ያሉ መንገዶችን አስቡ። ከአናቱ ትንሽ አለፍ ብላችሁ ለመዞር መኪናውን አግድም አቁማችኋል። ከወዲያ በኩል በሰዓት 50 ኪሎሜትር የሚመጣ መኪና አናቱ ላይ ደርሶ እናንተን የሚያያችሁ 30 ሜትር ሲቀረው ነው እንበል። 50 ኪሎሜትር በሰዓት ማለት በሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ነው። ሰውየው አይቶ፣ ገብቶት፣ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርግ አንድ ተኩል ሰከንድ ቢፈጅበት 21 ሜትር አልፏል። ፍሬን ይዞ በደረቅ አስፋልት እስኪቆም ደግሞ ወደ 14 ሜትር ይፈልጋል። ድምሩ 35 ሜትር። ያለው 30 ነው። አምስት ሜትሩ የእናንተ በር ነው።

ልብ በሉ፣ ይሄ ሰውዬ ምንም አላጠፋም። ስልክ አላየም፣ አልጠጣም፣ ፍጥነት አላበዛም። ችግሩ ቦታው ነው። ኩርባውም፣ ዋሻውም እንዲሁ ናቸው፤ ዓይን ከመድረሱ በፊት መኪና ይደርሳል። ድልድዩ ላይ ደግሞ ማየት ቢቻልም ማምለጫ የለም፤ የሚመጣው ወደ ዳር ልውጣ ቢል ወንዝ ነው። ሐዲዱ ላይ የሚመጣው ባቡር አይቷችሁም አይቆምላችሁም።

ቨርጂንያ ያላችሁ ወገኖች መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ይቺን ነገር በቁጥር ተጽፋ አግኝታችኋት ይሆናል። የግዛቲቱ ሕግ ኩርባ ላይና የዳገት አናት አካባቢ፣ የሚመጣ አሽከርካሪ ከ500 ጫማ (150 ሜትር ገደማ) ላይ ሊያያችሁ ካልቻለ ዞራችሁ አትመለሱ ይላል። ካሊፎርኒያ ደግሞ በሁለቱም አቅጣጫ 200 ጫማ (60 ሜትር ገደማ) ያልተጋረደ እይታ ይጠይቃል። ቁጥሩ ይለያያል፤ ጥያቄው አንድ ነው።

«ቶሎ ዞሬ ልመለስ» ስንት ሰከንድ ነው?

ምልክትም ኩርባም የሌለበት ቦታ ቢሆንስ? እዚህ ጋ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ስሌት አለ። ቪትዝን የመሰለ ትንሽ መኪና መሪው እስከ ጥግ ተጠምዝዞ ግማሽ ክብ ለመሥራት ከ9 ሜትር ከፍ ያለ ስፋት ይፈልጋል። ትልልቆቹ መኪኖች ደግሞ 12 ሜትር ገደማ ይፈልጋሉ። እያንዳንዱ መስመር 3.5 ሜትር የሆነ ባለ ሁለት መስመር መንገድ ግን ጠቅላላ ስፋቱ 7 ሜትር ነው። አይበቃም።

ስለዚህ «አንድ ጊዜ ዞሬ ልመለስ» ያላችሁት ነገር እውነቱ ሦስት እንቅስቃሴ ነው፦ ወደ ፊት እስከ ማዶው ጠርዝ፣ በኋላ ማርሽ እስከ ወዲህኛው ጠርዝ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ፊት። መሐል ላይ መንገዱን ዘግታችሁ፣ ለሁለቱም አቅጣጫ ጎናችሁን ሰጥታችሁ፣ በማታዩበት ጀርባችሁ ትሄዳላችሁ። ተረጋግቶ ለሚሠራ ሰው ወደ 20 ሰከንድ ይፈጃል። በሰዓት 40 ኪሎሜትር የሚመጣ ሚኒባስ በ20 ሰከንድ ውስጥ ከ220 ሜትር በላይ ይጓዛል። ማለትም ስትጀምሩ እዚያ ማዶ፣ ትንሽ ሆኖ የሚታያችሁ ታክሲ ሳትጨርሱ ይደርስባችኋል። በሁለቱም በኩል ያንን ያህል ባዶ መንገድ ካላያችሁ አትጀምሩ።

አማራጩ አደባባይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ባቡሩ፣ ቀለበት መንገዱና በቅርቡ የተሠሩት ኮሪደሮች የመንገድ መሐሎችን ዘግተው «እዚህ ጋ ልታጠፍ» የምንልበትን ቦታ ብዙ ቀንሰውብናል። ያበሳጫል፣ አውቃለሁ። ግን ቀጣዩ አደባባይ አንድ ኪሎሜትር ቢርቅ ደርሶ መልሱ ሁለት ኪሎሜትር ነው። በከተማ ፍጥነት አራት አምስት ደቂቃ። አደባባይ ላይ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚዞር ለማንም ጎናችሁን ሰጥታችሁ አትቆሙም።

በፈጣን መንገድ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አዲስ–አዳማን የሄደ ሰው መውጫ አምልጦት ዳር ይዞ ወደ ኋላ የሚመለስ መኪና አይቶ ይሆናል። ቀጣዩ መውጫ 15 ኪሎሜትር ቢርቅ በ100 ኪሎሜትር ፍጥነት 9 ደቂቃ ነው፤ ዞሮ ለመመለስ ሌላ 9። 18 ደቂቃና ትንሽ ነዳጅ፤ ይሄ የስህተቱ ሙሉ ዋጋ ነው። ወደ ኋላ የሚሄደው ሰው የሚያወጣው ዋጋ ግን ሌላ ነው። ከኋላው በ100 የሚመጣ መኪና ለመቆም ወደ 100 ሜትር ይፈልጋል፤ ጭነት መኪና ከሆነ ከዚያም በላይ። በዚያ ላይ ፈጣን መንገድ ላይ የኋላ መብራት ያየ አሽከርካሪ አእምሮው የሚነግረው «ከፊቴ እየሄደ ነው» ብሎ ነው። «ወደ እኔ እየመጣ ነው» ብሎ ለመረዳት ተጨማሪ ሰከንድ ይፈልጋል፤ ያቺ ሰከንድ 28 ሜትር ናት። ለዚህ ነው በየትም አገር በፈጣን መንገድ ላይ ዞሮ መመለስም ወደ ኋላ መንዳትም የሚከለከለው፣ ዳሩን ይዞም ቢሆን።

ከግቢ መውጣት፦ ሁለት ጊዜ ቁሙ

ወደ ግቢያችን በር እንመለስ። የእኔ ስህተት አለማየት አልነበረም። አይቻለሁ፤ በሩን ስከፍት ውጭ ማንም አልነበረም። ግን ቻርጀር ስሰካና ዘፈን ስመርጥ አንድ ደቂቃ አልፏል። ኳስ ለሚከተል ልጅ አንድ ደቂቃ ብዙ ነው። የኢኮኖሚክስ መምህሮቻችን ያረጀ መረጃ ይዞ መወሰን ከሚሉት ጋር አንድ ነው፤ የትናንት የሽንኩርት ዋጋ ይዞ ገበያ እንደመውጣት።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ስልኩን፣ ዘፈኑን፣ ቀበቶውን፣ ወንበሩን ሁሉ መጀመሪያ እጨርሳለሁ። ከዚያ ወርጄ መኪናውን ከኋላ አንድ ጊዜ እዞራለሁ፣ ጎንበስ ብዬ ከሥርም አያለሁ። ልጆች ካሉ «ከዚህ ራቁ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ አንድ ትልቅ ሰው እጃቸውን ይዞ በማየው ቦታ እንዲቆም እጠይቃለሁ። ተመልሼ ቀበቶዬን አስሬ ወዲያው እንቀሳቀሳለሁ። ዘፈኑ አይከፈትም፣ ሁለቱም መስኮት ክፍት ነው። እኔን ያዳነኝ ዓይኔ አልነበረም፤ የጉሊቷ እናት ድምፅ ነው። መስኮቱ ተዘግቶ ቢሆን አልሰማትም ነበር።

ፍጥነት ከሰው እርምጃ አይበልጥም። በማንዋል መኪና ነዳጅ ሳይሰጡ ፍሪሲዮኑን መያዝ በጀመረበት ቦታ ላይ ማቆየት፣ በአውቶማቲክ ደግሞ ፍሬኑን ላላ ማድረግ ብቻ ይበቃል። ሰውነታችሁን ወደ ኋላ ስታዞሩ ቀኝ እግራችሁም ሳታውቁት ወደ ነዳጁ ሊንሸራተት ይችላል፤ «ፍሬን ረገጥኩ ስል ተፈተለከች» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። ስለዚህ ማርሹን ከማስገባታችሁ በፊት ዞራችሁ ተቀመጡ፤ እግራችሁ ፍሬን ላይ መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኋላ ማርሽ አስገቡ።

ከዚያ ሁለት ጊዜ መቆም አለ። የመጀመሪያው የመኪናው ጅራት በሩ ላይ ሲደርስ፣ የእግረኛ መንገዱን ሳይነካ። እዚህ የምትፈልጉት እግረኛ ነው። አጥር አጥሩን ተከትሎ የሚመጣ ሰው እናንተን አያያችሁም፣ እናንተም አታዩትም። አጭር ክላክስ አድርጉ፣ ሁለት ሰከንድ ጠብቁ። ሁለተኛው ጅራቱ የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ነው። እዚህ የምትፈልጉት መኪና፣ ሞተርና ባጃጅ ነው።

በየትኛው በኩል? ጋሼ ይህን ሲጠይቁኝ ቶሎ መመለስ አልቻልኩም። እኛ አገር በቀኝ ነው የሚነዳው። ፊታችሁን ወደ ቤት፣ ጀርባችሁን ወደ መንገድ አድርጋችሁ ስትወጡ መጀመሪያ የምትገቡበት መስመር ላይ የሚመጣው መኪና የሚመጣው ከቀኝ እጃችሁ በኩል ነው። እናንተ ግን የተቀመጣችሁት በግራ ነው። ማለትም አደጋው የሚመጣው ከእናንተ በሚርቀው፣ የተሳፋሪ ወንበርና የመኪናው የኋላ ቋሚ በሚጋርደው ጥግ ነው። ስለዚህ ግራችሁን በመስኮት አንድ ጊዜ ካያችሁ በኋላ የመጨረሻዋ እይታ ሁልጊዜ በቀኝ ትከሻ በኩል ትሁን።

መንገዱ ባዶ ሲሆን ወደ ቅርቡ መስመር ብቻ ውጡ። መሪውን ወደ ቀኝ ስታዞሩ ጅራቱ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ አፍንጫው ወደ ግራ ይዞርና መኪናው ከትራፊኩ ጋር አንድ አቅጣጫ ይይዛል። መሄድ የምትፈልጉት ወደ ተቃራኒው ቢሆንም እንኳ ሁለት መስመር በጀርባ አታቋርጡ። በቅርቡ መስመር ውጡና ቀጣዩ አደባባይ ላይ ዙሩ።

«ነይ፣ ነይ፣ ነይ!»

ፓርኪንግ ላይ ደግሞ ሌላ ተዋናይ ይገባል። ኮፋኖውን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ «ነይ፣ ነይ፣ ነይ… በቃ!» የሚለው ልጅ። ብዙ ጊዜ ጎበዞች ናቸው፤ ያለ እነሱ መሐል ከተማ መውጣት ከባድ ነው። ግን እሱ የሚያየው ክፍተቱን ነው። ትክክል ከኋላችሁ ከቆመ ደግሞ የማይታየው ቦታ ውስጥ ያለው እሱ ራሱ ነው። በእናንተ በኩል ባለው ስፖኪዮ የሚታይ ቦታ እንዲቆም በትህትና ጠይቁት፦ «ወንድሜ፣ እዚህ ጋ ሆነህ ምራኝ፤ ካላየሁህ እቆማለሁ።» ከስፖኪዮው ከጠፋ ያለ ምንም ጥያቄ ቁሙ። ብትጋጩ የሚጠየቀው መሪውን የያዘው ሰው እንጂ «ነይ» ያለው አይደለም።

በግራና ቀኝ መኪና ከቆመበት ቦታ በጀርባ ስትወጡ የተለመደው ስህተት መሪውን ቶሎ መጠምዘዝ ነው። ጅራቱ ወደ ቀኝ ሲሄድ አፍንጫው ወደ ግራ ይወረወራል፣ የግራ ጎረቤቱን መኪና ይፍቃል። ተመልሳችሁ ስታዩ ጭረቱ የፊት ፓራውልታችሁ ጥግ ላይ ከሆነ ስህተታችሁ ይሄ ነበር። መፍትሔው በቀጥታ መውጣት ነው፤ የፊት መስታወታችሁ ከጎረቤቱ መኪና ጫፍ ጋር እስኪስተካከል ድረስ መሪው አይነካ። ከዚያ በኋላም ቀስ ብላችሁ አዙሩ፣ አንድ ዓይናችሁ በየጊዜው ወደ ፊት ጥግ ይመለስ።

ከዚያ ወዲህ ግን ከባዱ ነገር እይታው ነው። አጠገባችሁ ሚኒባስ ቆሟል እንበል። በቪትዝ ከዓይናችሁ እስከ መኪናው ጅራት ከሁለት ሜትር በላይ አለ። ስለዚህ ዓይናችሁ ከሚኒባሱ ጫፍ አልፎ መንገዱን ከማየቱ በፊት ጅራታችሁ ሁለት ሜትር መንገዱ ውስጥ ገብቷል፤ 3.5 ሜትር ከሆነው መስመር ከግማሽ በላይ ይዛችኋል። በዚያች ሁለት ሜትር ውስጥ የምታዩት ነገር የለም፤ የምትችሉት ሌላው እንዲያያችሁ ጊዜ መስጠት ነው። ትንሽ ወጥቶ መቆም፣ እንደገና ትንሽ ወጥቶ መቆም። የሚመጣው የኋላ ማርሽ መብራታችሁን አይቶ ወይ ይቆማል ወይ ይዞራችኋል።

ወይም ደግሞ ችግሩን ገና ከመጀመሪያው አስወግዱት፦ በጀርባ ግቡ፣ በፊት ውጡ። የእንግሊዝ የመንገድ መመሪያም አሽከርካሪዎቹን ወደ ግቢያችሁ ከቻላችሁ በጀርባ ገብታችሁ በፊት ውጡ ይላቸዋል። በአፍንጫ ስትወጡ በቪትዝ የምታተርፉት ርቀት ግማሽ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው። በፊት መስታወት ግራና ቀኝ በግልጽ ታያላችሁ፣ ቁጢጥ ያለ ልጅ እንደ ጀርባው ርቆ አይሰወርባችሁም። በጀርባ የምትሄዱትም ገና ስትደርሱ ነው፤ ቦታውን ከአሥር ሰከንድ በፊት አልፋችሁት፣ ባዶ መሆኑን በፊት መስታወት አይታችሁታል። መረጃችሁ ትኩስ ነው። ስትወጡ ግን ሁለት ሰዓት ቆማችሁ ነበር፤ በዚያ መሐል ከጀርባችሁ ማን እንደተቀመጠ አታውቁም።

ይሄ የማይሠራበት ቦታም አለ። ሰያፍ ሆኖ ለአፍንጫ የተሠመረ ፓርኪንግ በጀርባ አይገባም፤ ለመግባት መንገዱን በተቃራኒ መያዝ ይጠይቃል። በጣም ጠባብ የሆነ የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን ላይም ለመጠማዘዝ ስፋቱ አይበቃ ይሆናል። መንገዱ የሚበዛበት ሰዓት ከሆነም ከኋላችሁ ያለውን ሁሉ ለማስቆም ትገደዳላችሁ። እነዚያ ቦታዎች ላይ ያው ሁለት ጊዜ መቆሙ፣ መስኮት መክፈቱና የሚመራ ሰው መያዙ ይቀራል።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ሰፈራችን ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል። የወንድሜን ቪትዝ ስነሳ ውሻው እንኳ ይሰማታል። የኤሌክትሪክ መኪና በእርምጃ ፍጥነት ወደ ኋላ ሲሄድ ግን የሚሰማው በጣም ትንሽ ነው። ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ ሰው ዞሮ የሚያይበት ምክንያት የለውም። የኤሌክትሪክ የምትነዱ ክላክሷን አትርሱ።

እኛ ቤት አሁን ደንብ ወጥቷል። ማታ የገባ ሰው በጀርባ ነው የሚያቆመው፤ ወንድሜ መጀመሪያ ሦስት ጊዜ ሞክሮ የአበባ ማሰሮ ሰብሯል፣ አሁን ለምዶታል። ጠዋት በሩን ስከፍት ትንሹ ጎረቤቴ አብዛኛውን ጊዜ ኳሱን ይዞ እዚያው አለ። ልዩነቱ አሁን ከፊቴ ነው የሚቆመው፣ ሙሉ ለሙሉ ይታየኛል። እሱ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። አንዳንዴ ሆን ብሎ ቀስ ይላል።